ከለንደን የመጣ የቻሪዛርድ ካርድ፦ ስንት ልበል?

የማርቆስ ልጅ

እንዴት ናችሁ የአገሬ ልጆች። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አጎቴ ብዙ ዓመት ለንደን ኖሯል። አንዴ ለእረፍት ሲመጣ ልጆቹ ትንንሽ እያሉ ይጫወቱባቸው የነበሩ የፖኬሞን ካርዶች ከልብስ ጋር ጠቅልሎ አያቴ ቤት ጥሏቸው ሄደ። ደብረ ማርቆስ፣ አያቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቹ ሥር ነበሩ። ዘንድሮ ለፋሲካ ቤቱን ቀለም ልንቀባ ዕቃ ስናወጣ አገኘኋቸው። ወደ ስልሳ ይሆናሉ። በላስቲክ ታስረዋል። ከመካከላቸው አንዱ ቻሪዛርድ ነው፣ ያ እሳት የሚተፋው፣ ሥዕሉ የሚያብረቀርቀው። ከታች በቀኝ በኩል 4/102 ይላል፣ ከጎኑ ጥቁር ኮከብ አለው።

ኢንተርኔት ላይ ሳይ እንደዚህ ያለ ካርድ 420,000 ዶላር ተሽጧል ይላል። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባህር ዳር ያለ አንድ ልጅ ደግሞ ፎቶውን አይቶ 8,000 ብር እሰጥሃለሁ፣ ግን ዛሬ ካልሆነ ነገ አልፈልገውም አለኝ። ምን ልበለው? በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ሰማይና ምድር ነው።

ኳስ ወዳጅ

ወንድሜ እንዳትሸጥ! እኔ ፍኖተ ሰላም ሆኜ የእግር ኳስ ካርድ እከታተላለሁ። በእኛ ካርዶች ላይ 12/50 ካለ ሃምሳ ብቻ ታትሟል፣ ያንተ አስራ ሁለተኛው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ያንተ 102 ብቻ ነው የታተመው፣ አራተኛው ካንተ ጋር ነው። 8,000 ብር ያለህ ልጅ ይህንን ያውቃል።

የማርቆስ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እኔም እንደዚያ ነው የገመትኩት። ልጁን እንቢ ልበለው?

ጣና ዳር

ቆይ ቆይ፣ ለማንም መልስ አትስጥ። ባህር ዳር ነኝ፣ የፖኬሞን ካርድ ስሰበስብ ቆይቻለሁ።

ኳስ ወዳጅ ያለው በእግር ኳስ ካርድ ልክ ነው። እዚያ ላይ ቁጥሩ የሚመታው ካርዱ ከታተመ በኋላ ለብቻው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በወርቃማ ወይም በብርማ ቀለም። እያንዳንዱ ካርድም የራሱ ቁጥር አለው። የፖኬሞኑ 4/102 ግን ሌላ ነገር ነው። ስብስቡ ውስጥ 102 ዓይነት ካርዶች አሉ፣ ቻሪዛርድ አራተኛው ነው ማለት ብቻ ነው። በዓለም ላይ ያለ የዚያ ስብስብ ቻሪዛርድ ሁሉ 4/102 ይላል። ከስልሳዎቹ ሌላውን አንሥተህ እይ፣ 58/102 ወይም 46/102 የሚል ታገኛለህ።

ስንት እንደታተመ አሳታሚው አልተናገረም። ስለዚህ የሕትመቱን ብዛት በቁጥር አናውቀውም፣ የምናውቀው ከየትኛው ዙር እንደወጣ ነው። ዋጋውን በዋናነት የሚወስነውም እሱ ነው። ያ ያየኸው 420,000 በ2022 መጋቢት ላይ በጨረታ የተሸጠ ነው። የመጀመሪያ ዕትም ማኅተም ያለው፣ ደረጃ ሰጪው ድርጅት ፒኤስኤ ከ10 ውስጥ 10 የሰጠው ካርድ ነው። በላስቲክ ታስሮ ሳጥን ውስጥ የቆየ ካርድ 10 አያገኝም። እውነቱን አሁኑኑ ልንገርህ ብዬ ነው፣ እንዳታዝንብኝ።

አሁን ካርዱን ይዘህ መስኮት አጠገብ ቁም። ሦስት ነገር ንገረኝ። አንደኛ፣ ከሥዕሉ ሥር በግራ በኩል 1 ቁጥር ያለባት ክብ ጥቁር ማኅተም አለች? ሁለተኛ፣ የሥዕሉ ቢጫ ክፈፍ በቀኝ በኩል ጥላ ጥሏል? ሦስተኛ፣ በካርዱ ግርጌ በጣም በደቃቁ የተጻፉትን ዓመታት አንድ በአንድ ጻፍልኝ። ሦስተኛዋን አትዝለላት፣ በስልክህ ካሜራ አጉልተህ አንብባት።

እሙ ናትናኤል

ይቅርታ ልግባ። ቡሬ ነኝ። የእኔም ልጅ እነዚህን ካርዶች ይወዳል፣ ሙሉ በሙሉ የወርቅ ቀለም የሆኑ፣ እንደ ፕላስቲክ የሚጠነክሩ ሃምሳ አምስት ካርድ ያለው ፓኮ ገዝቼለታለሁ። እነሱም ቻሪዛርድ አላቸው፣ እንዲያውም ሦስት። እነሱስ በስንት ይሸጣሉ? ለትምህርት ቤት ክፍያው ቢሆንልኝ ብዬ ነው።

ጣና ዳር

እሙዬ፣ እንዲህ በፓኮ የሚሸጡት ወርቃማ ካርዶች ከዋናው አሳታሚ የወጡ አይደሉም። እየተቀዱ በብዛት የሚመረቱ ናቸው። ልጅሽ ይጫወትባቸው፣ ለሽያጭ ግን ዋጋ የላቸውም። አንድ ፓኮ ውስጥ ሦስት ቻሪዛርድ መኖሩ ራሱ ምልክት ነው። በዋናው ፓኮ አንድ እንኳ ለማግኘት ብዙ መክፈት ያስፈልጋል።

እሙ ናትናኤል

እሺ፣ ደህና። ቢያንስ ሌላ ሰው ላይ እንዳልሸጥ አደረግኸኝ። ተባረክ።

የማርቆስ ልጅ

አየሁ። ማኅተም የለውም። ጥላ አለው፣ በቀኝ በኩል ግራጫ መስመር በደንብ ይታያል። ግርጌው ላይ 1995, 96, 98 ይልና የኩባንያ ስሞች ይከተላሉ፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ 1999-2000 ይላል። ልክ ነኝ?

ጣና ዳር

1999-2000? ደግመህ አንብበው በሞቴ። በተለመደው ላይ መጨረሻው 1999 ብቻ ነው የሚለው።

የማርቆስ ልጅ

ሦስቴ አየሁት። ሰረዝ አለ፣ ከሰረዙ በኋላ 2000 ነው። እህቴም አንብባዋለች።

ጣና ዳር

እንግዲያው አጎትህ ለንደን መኖሩ ትርጉም አለው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ስብስብ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1999 ጥር ነው። መጀመሪያ ማኅተም ያለው ወጣ። ከዚያ ማኅተምም ጥላም የሌለው፣ ሰብሳቢዎች ሻዶውለስ የሚሉት። ከዚያ ጥላ ያለው ተራው ዕትም በገፍ ታተመ፣ ሰው እጅ ላይ ያለው አብዛኛው እሱ ነው። ያንተ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው ነው፣ ሰብሳቢዎች አራተኛው ሕትመት ይሉታል። ለእንግሊዝ ገበያ የታተመ ነው። መለያው ያቺ ከሰረዙ በኋላ ያለችው 2000 ብቻ ናት። ሥዕሉ ያው ነው፣ ቁጥሩ ያው ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሳያውቀው በተራው ዋጋ የሚሸጠው።

የመጀመሪያው ዕትም ያህል ውድ አይደለም፣ አጠገቡም አይደርስም። ከተራው ግን በአብዛኛው ከፍ ብሎ ይሸጣል፣ ምክንያቱም ያነሰ ነው የሚገኘው።

ከዋጋ በፊት ሁለት ነገር ቀርቶናል። አንደኛ እውነተኛ መሆኑን። ከስልሳው ውስጥ ርካሽ የሆነ ካርድ አውጣ፣ ሁለቱንም ጨለማ ክፍል ውስጥ በስልክ መብራት ከጀርባ አብራባቸው። ዋናው ካርድ ከመሃሉ ጥቁር ንጣፍ ስላለው ብርሃኑን ይይዘዋል። አስመስለው የሠሩት ብዙ ጊዜ እንደ ወረቀት ያሳልፈዋል። ቻሪዛርዱ ከጓደኞቹ በጣም ከተለየ ችግር አለ።

ሁለተኛ ያለበት ሁኔታ። ጀርባውን ወደ ላይ አድርግና ሰማያዊውን ጠርዝ ዙሪያውን ተከተል። ነጭ ነጭ ያለበትን ሁሉ ቁጠር። ከዚያ ገልብጠው፣ የሚያብረቀርቀውን ሥዕል በመብራት ሥር እያጋደልክ ጭረት ፈልግ። ቀጥ አድርገህ ከያዝከው ጭረት አይታይም። መጨረሻ ላይ ማእዘኖቹን እያጋደልክ እጥፋት ካለ እይ። እጥፋት ከሁሉ ይበልጥ ዋጋ ይጥላል።

ኳስ ወዳጅ

102 ያልኩት ስሕተት ነው፣ ይቅርታ ወንድሜ። የእኛን ካርድ ሕግ እዚህ አመጣሁት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ፒኤስኤ ስንት ካርድ ደረጃ እንደሰጠ ድረ ገጹ ላይ ይታያል አይደል? ከዚያ ስንት እንዳለ አይታወቅም?

ጣና ዳር

የሚታየው ለደረጃ የተላከው ብቻ ነው። እንደ የማርቆስ ልጅ ካርድ ሳጥን ውስጥ ያለው አይቆጠርም። ሌላም አለ፤ ሰው 8 ያገኘውን ካርድ ከመያዣው አውጥቶ 9 ቢሰጡኝ ብሎ ደግሞ ይልካል፣ አንዱ ካርድ ሁለቴ ተቆጠረ ማለት ነው። አንዱን ዕትም ከሌላው ለማነጻጸር ይጠቅማል። በዓለም ላይ ይህን ያህል አለ ለማለት ግን አይሆንም።

የማርቆስ ልጅ

መብራቱን ሞከርኩ። ቻሪዛርዱም ሌላውም እኩል ይጨልማሉ፣ ጣቴ ከኋላ አይታይም።

ሁኔታው ግን አሳዘነኝ። ላስቲኩ በረጅሙ ጎን በግራም በቀኝም መሃል ላይ ትንሽ ጎድጎድ አድርጎታል፣ እንደ ጥርስ ምልክት። ጀርባው ላይ አራቱም ማእዘን ነጭ ሆኗል። ሥዕሉ ላይ ሳጋድለው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች አሉ። ከታች በግራ ማእዘን ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታህል እጥፋት አለች፣ ከፊት አትታይም፣ ከጀርባ ብቻ። ትንሽም ጎብጧል፣ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው መሃሉ ከፍ ይላል።

ጣና ዳር

መጉበጡ አያስደንግጥህ። የሚያብረቀርቀው ንጣፍና ወረቀቱ እርጥበትን እኩል አይወስዱም፣ ስለዚህ ካርዱ ይጎብጣል። እዚህ ጣና ዳር ክረምት ሲገባ የእኔም ይጎብጣሉ። በፕላስቲክ መያዣ አድርገህ ከመጽሐፍ መሃል አቆየው። በካውያ ወይም በሙቀት ላቃናው እንዳትል፣ ታበላሸዋለህ። በሶፍትም አትጥረገው፣ አዲስ ጭረት ነው የምትጨምረው።

እጥፋቷ ግን ወሳኝ ናት። በሻጮች ቋንቋ ካርድህ ሞደሬትሊ ፕሌድ ላይ ነው፣ በመጠኑ የተጫወቱበት እንደማለት። ለደረጃ ብትልከው በእጥፋቷ ምክንያት 4 ወይም ከዚያ በታች እጠብቃለሁ። የላስቲኩ ጎድጓዳ ደግሞ ፎቶ ላይ የማይታይ፣ ገዢ እጁ ሲገባ የሚያገኘው ነገር ነው። ስለዚህ አንተው ቀድመህ ጻፈው። ካልጻፍከው ይመልስልሃል፣ የመላኪያውም ካንተ ይሄዳል።

አሁን ዋጋ። ኢቤይ ላይ ይህን ጻፍ፦

```
charizard 4/102 "1999-2000" -proxy -custom
```

ከዚያ ማጣሪያው ላይ `Sold Items` የሚለውን ምረጥ። ይህ ካልተመረጠ የምታየው ሰው የሚመኘውን ዋጋ ነው። ምኞት ደግሞ ልክ የለውም። ያንን ስትመርጥ ባለፉት 90 ቀናት ገደማ በእርግጥ የተሸጡት ይመጣሉ። ዋጋው ላይ መስመር ከተሠመረበት ገዢው ተከራክሮ ባነሰ ወስዶታል ማለት ነው፣ የተከፈለውን እዚያ አታየውም። `130point.com` ላይ ብትፈልገው ብዙ ጊዜ እውነተኛውን ታገኛለህ።

እያንዳንዱን ሽያጭ ከፍተህ ፎቶውን እይ፣ በርዕሱ አትመን። 1999-2000 የሚል ርዕስ ተጽፎ ግርጌው 1999 ብቻ የሆነ አለ። በተቃራኒው ደግሞ ሻጩ ሳያውቀው ተራ ብሎ የሸጠው አራተኛ ሕትመት አለ።

የማርቆስ ልጅ

ከፈትኩ። ችግሩ አንተ ያልከው ዓይነት ጥቂት ነው። የእኔን የሚመስል እጥፋት ያለው ደግሞ አንድም የለም። ያሉት ወይ በጣም ንጹሕ ናቸው ወይ በፕላስቲክ መያዣ ታሽገው 6 እና 7 የተሰጣቸው። ምን ላይ ተነሥቼ ነው የምተምነው?

ጣና ዳር

ጥሩ ቦታ ደረስክ። አስቸጋሪው ይኸው ነው። ተራው ዕትም ሽያጩ ብዙ ነው፣ ያንተ ጥቂት። ስለዚህ በተራው በኩል ዞረህ ና። መንገዱን ለማሳየት እኔ ቁጥር ላስቀምጥ፣ አንተ ዛሬ በምታየው ተካው።

መጀመሪያ ተራውን ዕትም ፈልግ፣ ያንተን የሚመስል፦ ትንሽ እጥፋት፣ ነጭ ማእዘን፣ ያልታሸገ። አምስት አገኘህ እንበል፦ 150፣ 165፣ 170፣ 180 እና 310 ዶላር። 310ን ክፈተው። የፊቱ ፎቶ ብቻ ነው ያለው፣ ሻጩም ንጹሕ ነው ብሏል። እሱ ያንተ ጓደኛ አይደለም፣ አውጣው። ከቀሩት አራቱ መሃል 165 እና 170 ናቸው፣ ስለዚህ 167 ያዝ። አማካይ ሳይሆን መሃሉን የምወስደው አንድ የጓጓ ገዢ ቁጥሩን እንዳይጎትትብኝ ነው።

ሁለተኛ፣ አራተኛው ሕትመት ከተራው በስንት እንደሚበልጥ ፈልግ። ለዚህ የታሸጉት ይረዱሃል፣ ምክንያቱም ያለበትን ሁኔታ ሌላ ሰው ወስኖልሃል። ተራው 6 ያገኘው በዚህ ወር 400 ተሽጧል፣ አራተኛው ሕትመት 6 ያገኘው ደግሞ 520 ተሽጧል እንበል። 520 ለ400 ሲካፈል 1.3 ነው። ያንን በ167 አባዛው፣ 217 ይመጣል። የካርድህ ግምት እሱ ነው። ሁለቱ ሽያጮች በተቀራራቢ ሳምንት መሆን አለባቸው። የካርድ ገበያ በወራት ውስጥ ይወጣል ይወርዳል፣ በ2021 ሰማይ ነክቶ እንደተመለሰ አይተናል። ያለፈውን ዓመት ከዘንድሮው ጋር አታካፍል።

ሦስተኛ፣ ኪስህ የሚገባውን አስላ። ኢቤይ 13 በመቶ ይቆርጣል እንበል፣ ከ217 ወደ 28 ሄደ። 189 ቀረ። ከዚያ መላኪያ አለ። ከዚህ ወደ ውጭ ስትልክ ገዢውም ይፈራል፣ ገንዘቡንም መቀበል ቀላል አይደለም። አጎትህ ለንደን ካለ እሱ ይሽጠው። ገዢዎቹም አብዛኞቹ እዚያው ናቸው።

የደጀን ልጅ በሜሪላንድ

ጣና ዳር፣ እጅህ ይባረክ፣ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ያቺ 1.3 በሁለት ሽያጭ ላይ የቆመች ናት። ከሁለቱ አንዱ ገዢ ቸኩሎ ቢሆን፣ ወይም ያ 6 የተሰጠው ካርድ ለቁጥሩ ቆንጆ ቢሆን፣ 1.3 የሚባለው 1.1 ወይም 1.6 ሊሆን ይችላል። እኔ እዚህ ካርድ ሱቅ እመላለሳለሁ። የእኔ ምክር ይታሸግ ነው። 4 ቢሰጡትም ገዢው ስለ እውነተኛነቱ አይጨነቅም፣ ዕትሙም መለያው ላይ ይጻፍለታል።

ጣና ዳር

የመጀመሪያው ነጥብህ ትክክል ነው ወንድም ዓለም። ሁለት ሽያጭ ትንሽ ነው። ለዚያ ነው 5ም 7ም ያገኙትን እያካፈልክ ቁጥሮቹ ይቀራረቡ እንደሆነ ማየት ያለብህ። 6 ላይ 1.3፣ 7 ላይ 1.35 ከመጣ አምናለሁ። 6 ላይ 1.1፣ 7 ላይ 1.8 ከመጣ ያ ቁጥር ምንም አልነገረኝም ብዬ እተወዋለሁ።

መታሸጉ ላይ ግን ስሌቱን አብረን እንየው። ማሸጊያው ከነመላኪያው 60 ዶላር ቢፈጅ፣ ታሽጎ 4 ያገኘው ደግሞ 260 ቢሸጥ፣ ከቆረጣው በኋላ 226 ይቀራል፣ 60 ስትቀንስ 166። ሳይታሸግ 189 ነበረ። ወሮች ጠብቀህ አነሰ። 7 የሚያገኝ ካርድ ቢሆን እኔም አሳሽገው ነበር።

የደጀን ልጅ በሜሪላንድ

መለያው ላይ አራተኛ ሕትመት ብለው ከጻፉለት 260 ላይ አይቆምም ብዬ ነው። ካልታሸገ ገዢው ግርጌዋን መስመር ከፎቶ ላይ ማንበብ አለበት። ብዙው አያነብም።

ጣና ዳር

ያ እውነት ነው። ግን በጥሩ ፎቶም ይፈታል። የግርጌዋን መስመር ለብቻዋ አጉልቶ ሁለተኛ ፎቶ ላይ ማድረግ፣ ርዕሱም ላይ መጻፍ ነው። የትኛው ይሻላል ለሚለው እኔና አንተ አንስማማም፣ የካርዱ ባለቤት ይወስን።

ኳስ ወዳጅ

ለመሆኑ የባህር ዳሩ ልጅ 8,000 ብር ያለውስ? ሌባ ነው ወይስ አላወቀም?

ጣና ዳር

ሌባ አልልም። ፎቶ ላይ ግርጌዋ አትነበብም፣ ተራ የተጎዳ መስሎት ይሆናል፣ አትርፎ መሸጥም አለበት። ነጋዴ ከግምቱ ግማሹን ቢሰጥህ አያስገርምም፣ አደጋውንም ድካሙንም እሱ ነው የሚሸከመው። 189 ዶላሩን በዛሬው የባንክ ምንዛሪ ምታና ከ8,000 ጋር አስተያየው። ዛሬ ካልሆነ ያለህ ግን አያስቸኩልህ፣ ካርዱ ሃያ ዓመት ሳጥን ውስጥ ነበር።

የማርቆስ ልጅ

መታሁት። የሰጠኝ ከግማሹም በታች ነው። አመሰግናለሁ ብዬ እንደማልሸጥለት ነገርኩት፣ እሱም በደህና ተቀበለኝ፣ አልተጣላንም።

እንዳላችሁኝ 7 ያገኙትንም ፈለግሁ። አራተኛው ሕትመት አንድ ሽያጭ ብቻ አገኘሁ፣ እሱም ዋጋው ላይ መስመር የተሠመረበት ነው፣ ሌላኛው ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ኔቱ ተቆራርጦብኝ አልከፈት አለ። ማታ እሞክራለሁ።

ለአጎቴ ደወልኩ። ሳቀ። ልጁ አሁን ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ያቺን እጥፋት ማን እንዳደረጋት ያስታውሳል አለኝ፤ ታናሽ እህቱ ናት፣ ከእጁ ስትነጥቀው። ካርዱን የሚወስድልኝ ሰው ሰኔ ላይ ይመጣል። እስከዚያ ላስቲኩን ጥዬ እያንዳንዱን ለየብቻ በፕላስቲክ አድርጌዋለሁ።

ሌሎቹን ሃምሳ ዘጠኝም ማየት ጀምሬ ነበር። ሁለቱ ላይ 1 ቁጥር ያለባት ክብ ማኅተም አለች፣ አይጥ የሚመስል አንድና አንድ ዓሣ። ከሥር የሚጻፈው ቁጥር ግን 102 አይደለም፣ 62 ነው የሚለው። እነዚህስ?

ጣና ዳር

62 ከሆነ ሌላ ስብስብ ነው፣ ፎሲል የሚባለው፣ በ1999 የወጣ። ከሥዕሉ ሥር በቀኝ በኩል የአጥንት ምልክት ታገኛለህ። የመጀመሪያ ዕትም ማኅተም እዚያ ላይ እንደ 102ቱ ዋጋ አይሰቅልም። ቁጥሩ አጠገብ ያለችው ምልክት ክብ ናት፣ አልማዝ ናት፣ ኮከብ ናት? የጀርባቸውንም ፎቶ ላክልኝ።